ሃሽታግ የሚሉት ማነው?



ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም የምረቃ ሰሞን ነው። ከዶርማችን ልጆች አንዱ የሮብ ገበያ ልጅ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ። ጋዋኑን እንደለበሰ የተነሳውን ፎቶ መርጦ፣ ከሥሩ ካፕሽን ጽፎ ፖስት አደረገ። ማታ ከቤት ተደወለለት። ታናሽ እህቱ ጽሑፉን ለእናታቸው ጮክ ብላ አንብባላቸው ኖሯል። እናቱ ፊደል አልቆጠሩም፤ ልጃቸው የሚጽፈውን የሚሰሙት በእሷ አፍ ነው። ስልኩን ላውድ ላይ ስላደረገው ሁላችንም ሰማን። መረቁት፤ አላህ ይጠብቅህ አሉት። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ ይሄ ሃሽታግ የሚሉት ማነው? ስሙ እየተመላለሰ ይጠራል፤ አብሮህ ነው የተመረቀው?» ብለው ጠየቁ።

ዶርሙ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን አልጋው ላይ ተቀምጦ ካፕሽኑን እንደገና ሲያነብ ቆየና፣ «ሃሽታግን አሥራ ሁለት ጊዜ ጠርቼዋለሁ፤ እሷን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራኋትም» አለን። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። እኛም የየራሳችንን ፖስቶች ከፍተን አየን። ብዙዎቻችን ያው ነበርን።

ጽሑፉ ይህን ይመስል ነበር፤ በእሱ ፈቃድ እንዳለ አቅርበነዋል።

በመጨረሻም ተመረቅሁ! 🎓🎓🎉🎉🔥🔥🔥💪😎🙏 #አልሀምዱሊላህ #ምሩቅ #ኢንጂነር #ስኬት #2017ዓ.ም #ሮብ ገበያ #ሞጣ #ጎጃም #ቤተሰብ #ፍቅር #ህልም #ተከተሉኝ

ሁለት ቃል፣ አሥር ኢሞጂ፣ አሥራ ሁለት ሃሽታግ። የአምስት ዓመት ድካም፣ የመውጫ ፈተናው ጭንቀት፣ የእናት ዱዓ፣ ይህ ሁሉ በሁለቱ ቃላት ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል። የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው። ያን ማታ ቁጭ ብለን ካፕሽኑን አንድ በአንድ ፈታነው። ያገኘነውን ለእናንተም ማካፈል የፈለግነው የዘንድሮ ተመራቂዎች ጋዋን መለካት ስለጀመሩ ነው።

ከሃሽታጉ እንጀምር። ምልክቱ ለምን እንደመጣ ማወቅ ግማሹን ሥራ ያቀልላል። ክሪስ መሲና የሚባል አሜሪካዊ በነሐሴ ወር 2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ያኔ ትዊተር በሚባለው መድረክ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጻፉ መልእክቶች ሁሉ # ያለበት አንድ ቃል ይያዙና በዚያ ቃል ይሰብሰቡ። ሥራው ይኸው ነው። ሃሽታግ ጌጥ አይደለም፣ ማጉያም አይደለም፤ በር ነው። አንድ ሰው ሲጫነው ያንኑ ቃል የጻፉ ሌሎች ሰዎች ወዳሉበት ክፍል ያስገባዋል። በሌላ በኩል ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን የማናውቀውን ሰው ወደ እኛ ፎቶ ያመጣዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሃሽታግ ሁለት ጥያቄ ጠየቅነው፦ ይህን በር ማን ይከፍተዋል? ሲከፍተው ምን ያገኛል? #ስኬት የሚለውን የጓደኛችን አክስት አትጫነውም፤ የዲፓርትመንቱም ልጅ አይጫነውም። ብንጫነው የሚጠብቀን የማንም ስኬት ነው። #ፍቅር እና #ህልም እንደዚያው ናቸው። #ቤተሰብ ደግሞ ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው፤ ቤተሰቡን ለማመስገን ነበር የጻፈው፣ የጻፈው ግን ለዓለም ቤተሰብ ሁሉ የተከፈተ ክፍል ነው። እናት በሃሽታግ አትመሰገንም። እናት «እናቴ» ተብላ፣ ያደረገችው ተነግሮ ነው የምትመሰገን። #ተከተሉኝ የሚለው ላይ ስንደርስ ራሱ ጓደኛችን አንገቱን ደፋ። በምስጋና መሃል የተዘረጋ እጅ መሆኑን ለመረዳት ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም።

#አልሀምዱሊላህ ላይ ግን ተከራከርን። ከመሃላችን አንዱ «አላህን ማመስገን እንዴት ይበዛል? ይቅር አትበሉኝ» አለ። ልክ ነው፣ ምስጋናው ይቅር ያለ የለም። ያልነው # ይቅር ነው። ሃሽታግ ሰው እንዲፈልግበት የሚቀመጥ ምልክት ነው፤ ምስጋናው ደግሞ ለአላህ ነው። ቃሉ ላይ # ስናደርግበት ምስጋናውን የመፈለጊያ ቃል አደረግነው፤ የሚከፍተውም ክፍል ውስጥ ማን ምን ለጥፎ እንደሚጠብቅ አናውቅም። ያው ቃል ያለ # የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ቢቀመጥ ምን ይጎድልበታል? ምንም። እንዲያውም የቀረው ጽሑፍ ሁሉ በእሱ ይጀምራል፤ መድረሳ ሳለን ማንኛውንም ነገር በምን እንድንጀምር እንደተማርን አስታውሱ። ይህን ስንል በማንም ልብ ላይ ሙፍቲ ሆነን አይደለም። ኒያን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ በየወንድሙ ካፕሽን ላይ ሪያእ መፈለግም የእኛ ሥራ አይደለም። የምንመረምረው የራሳችንን ነው።

አሁን ወደ ምህንድስናው እንግባ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ሳናውቅ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛችን የትውልድ ቦታውን ሊጠራ ፈልጎ #ሮብ ገበያ ብሎ ጻፈ። ስልኩ ላይ ስታዩት ሰማያዊ የሆነው #ሮብ የሚለው ብቻ ነው። ሃሽታግ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ያበቃል። ገበያው ውጭ ቀረ፤ ልጁ የተወለደበትን አገር ሳይሆን አንድ የሳምንት ቀን ነው የለጠፈው። በሁለት ነጥብ #ሮብ፡ገበያ ብለን ብንጽፈውም አይሆንም፤ የግዕዙ ሁለት ነጥብ በኮምፒውተሩ ዘንድ ሥርዓተ ነጥብ እንጂ ፊደል ስላልሆነ እዚያው ይቆርጠዋል። መፍትሔው አንድም አያይዞ #ሮብገበያ ማለት፣ አንድም የታች ሰረዝ አስገብቶ #ሮብ_ገበያ ማለት ነው። የመጀመሪያው ለዓይን የሚቀል ይመስለናል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ መጠቀም ግን ሁለት ክፍል መክፈት ነው።

#2017ዓ.ም የሚለውም የተቆረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ነጥቡ ጋ ሲደርስ ቆመና #2017ዓ ሆኖ ቀረ። ዓ.ም ወጥቶ ቁጥሩ ብቻ ይቅር ብንል ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ እንደ ኤክስ ያሉ መድረኮች ከቁጥር ብቻ የተሠራ ሃሽታግ አይቀበሉም፣ ፊደል አብሮት መኖር አለበት። በዚያ ላይ ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ ዘመድ 2017ን ሲያይ በእሱ አቆጣጠር ከስምንት ዓመት በፊት የተመረቀ ይመስለዋል። ዓመተ ምሕረቱ ቦታው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ነው፤ እዚያ ነጥቡም ሙሉ ሆኖ ይጻፋል።

ከዚህ የሚብሰው የአማርኛችን ጠባይ ነው። በአማርኛ ቃል ብቻውን አይሄድም፤ ከፊቱ «በ»፣ «ከ»፣ «ለ» ይለጠፍበታል፣ ከኋላው «ን»፣ «ም»፣ «ዬ» ይጨመርበታል። ለእኛ #ሮብገበያ፣ #ከሮብገበያ እና #ሮብገበያን አንድ ቦታ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ሦስት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ምልክቱን ከመነሻው በኋላ አስገብቶ ከ#ሮብገበያ ብሎ የሚጽፍም አለ፤ በብዙ ቦታ እንዲህ ከፊደል ጋር የተጣበቀ # ጭራሹኑ በር አይሆንም። ስለዚህ ሃሽታግን ዓረፍተ ነገር ውስጥ መሰካት ለአማርኛ አይመችም። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ልቡ «ከሮብ ገበያ» ይበል፤ ሃሽታጉ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ በራሱ መስመር፣ ምንም ሳይለጠፍበት ራቁቱን ይቁም። ጽሑፉም ለሚያነበው ሰው ሳይቆራረጥ ይፈስሳል።

ሌላው የፊደላችን ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ስናነባቸው አንድ ድምፅ ናቸው። የዓለም ኮምፒውተሮች ፊደል በሚቆጥሩበት በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ። በዚህ ምክንያት አልሀምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ ብለው ሦስት ልጆች ሃሽታግ ቢያደርጉ ሦስት የተለያዩ ክፍሎች ውስጥ ነው የሚገቡት። ከዐረብኛ የመጡ ቃሎቻችን ሁሉም በየመድረሳው እንደለመደው ስለሚጻፉ ይህ በእኛ ላይ ይብሳል። «ምህንድስና»ም በሀ በሐ ይጻፋል። አንድ ዲፓርትመንት ፎቶዎቹን ሁሉ አንድ ቦታ ማግኘት ከፈለገ፣ ከምረቃው በፊት አንድ ሰው አንዱን አጻጻፍ መርጦ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ መላክና ሁሉም ከዚያ ኮፒ ማድረግ አለበት። በቃል ተነጋግሮ መለያየት አይቀርም፤ ጆሮ ሀን ከሐ አይለይምና።

ትክክል መሆኑ እንዴት ይታወቃል? መንገዱ ቀላል ነው። ካፕሽኑን መጀመሪያ በቴሌግራም ለራስ መላክ ነው፤ «የተቀመጡ መልእክቶች» የሚለው ቦታ ላይ። ቀለሙ የተለወጠው የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ይታያል። ከዚያ ልትለጥፉበት ባሰባችሁት መድረክ ላይ ያንኑ ቃል ፈልጉትና ምን እንደሚመጣ እዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን መፈለግ ያልነው ለቴክኒኩ ብቻ አይደለም። #ሞጣ ላይ ስንደርስ ያየነውን እንንገራችሁ። ጓደኛችን #ሞጣን የጨመረው ሮብ ገበያን የማያውቅ ሞጣን ያውቃል ብሎ ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሃሽታግ ባዶ መደርደሪያ አይደለም፤ ትዝታ አለው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ሞጣ ላይ መስጊዶችና የሙስሊም ሱቆች ተቃጥለዋል። ያን ሰሞን ሁላችንም ገና ልጆች ነበርን፤ የከተማዋን ስም ከእሳት ምስል ጋር ደጋግመን ያየነው በየስልኩ ነው። አሁን ካፕሽኑን ወደ ላይ መለስ ብላችሁ እዩት። #ሞጣ ካለበት ጽሑፍ ላይ 🔥🔥🔥 ተደርድሯል። በተማሪ ቋንቋ «ነደደ»፣ «ከበደ» ማለት ነው፤ ክፉ ያሰበ የለም። ያን ቀን ሱቁ የነደደበት የሞጣ ሰው ግን እንዲህ አያነበውም። የአካባቢው ልጅ ሆኖ ይህን ሳያስተውል መጻፉ ጓደኛችንን ራሱን አስደነገጠው። እሳቱን ያጠፋው እዚያው ፊታችን ነው።

ይህ ወደ ኢሞጂዎቹ ያመጣናል። ኢሞጂ ከሃሽታግ ይለያል፤ በር አይደለም፣ ፊት ነው። ቃል ያለ ድምፅ ሲጻፍ የሚጎድለውን የፊት ገጽታ ይተካል። ስለዚህ አንድ ኢሞጂ የሚጠየቀው፣ ቃሉ ያላለውን ምን አለ? ተብሎ ነው። «ተመረቅሁ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ 🎓 ቢመጣ ቢያንስ ገና ሳያነብ ዓይኑን ለሚወረውር ሰው ጉዳዩን ይነግረዋል። ሁለተኛው 🎓 ግን ምን ይጨምራል? አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይመረቅም። 🎉🎉 ደስታ ነው፤ ደስታ ሐላል ነው፣ አንዱ ይበቃል። 💪 እና 😎 ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን «በራሴ ክንድ አደረግሁት» ይላሉ፤ ከዚያው ጽሑፍ ውስጥ ካለው ምስጋና ጋር ይጋጫሉ። ቃሉ አላህን ያመሰግናል፣ ፊቱ ራሱን ያሞግሳል። ቅንነት የሚጎድለው ብዙ ጊዜ በውሸት አይደለም፤ እንዲህ ቃልና ፊት ሲለያዩ ነው።

🙏 የገባው ለዱዓ ነበር። ይህ ምልክት ሁለት መዳፎች የተጋጠሙበት ነው፤ ጃፓኖች ለልመናና ለምስጋና እንዲህ ያደርጋሉ፣ ብዙ ሰውም ለ«አመሰግናለሁ» ይጠቀምበታል። ለሰው ምስጋና ከሆነ ማንም አይቃወመውም። ዱዓ ለማለት ግን እጃችንን የምንዘረጋበትን የሚመስለው 🤲 አለ፤ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው ወደ ዩኒኮድ የገባው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ከዚያ ዓመት በፊት የተሠሩና ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ ስልኮች አያውቁትም፤ ባዶ ሳጥን ነው የሚያሳዩት። ገጠር ያለ ቤተሰብ ስልክ ብዙ ጊዜ ከእኛ የተረፈው አሮጌ ስልክ ስለሆነ፣ ዱዓችን ሳጥን ሆኖ እንዳይደርስ ቃሉንም መጻፍ ይሻላል። ኢሞጂው ቢጠፋ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ሆኖ መቆም አለበት።

እህቶቻችን ደግሞ ሌላ ነገር አሳዩን። ሒጃብ የለበሰችው 🧕 ወደ ስልካችን የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። ሐሳቡን ያቀረበችው ያኔ ጀርመን ትኖር የነበረች ራዩፍ አልሑመይዲ የምትባል ሳዑዲ ታዳጊ ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር በምትጻጻፍበት ግሩፕ ውስጥ እሷን የሚመስል ምልክት አጥታ ነው ለዩኒኮድ የጻፈችው። ይሁንና ጋዋን ለባሿ 👩‍🎓 ፀጉሯ የተገለጠ ነው፤ ሒጃብና የምረቃ ቆብ በአንድ ላይ ያደረገች አንዲት ምልክት እስካሁን የለችም። ስለዚህ አንዲት እህታችን ሁለቱን ጎን ለጎን 🧕🎓 ብላ አስቀመጠች። ሁለት ኢሞጂ ብቻ ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ ሥራ አለው፣ አንዱ ቢወጣ የሚጎድል ነገር አለ። ያልተዝረከረከ ማለት ባዶ ማለት እንዳልሆነ የገባን በእሷ ካፕሽን ነው።

እንዲሁም በጆሯቸው የሚያነቡ ወንድሞቻችንን አንርሳ። ማየት የተሳነው ተማሪ ስልኩ ጽሑፉን እያነበበ ያሰማዋል፤ ኢሞጂ ሲያገኝም ስሙን ይጠራል። በቃል መሃል የተሰካ እሳትና ጡንቻ ዓረፍተ ነገሩን እየቆረጠ ነው የሚሰማው። ይህ የጓደኛችን እናት ከሰሙት ጋር አንድ ነው። ለዚህ ነው ያን ማታ አንድ መለኪያ ይዘን የወጣነው፦ ካፕሽኑን ከመለጠፍህ በፊት፣ ለምታመሰግነው ሰው ጮክ ብሎ ሲነበብለት ስማው። ሲነበብ የሚያደናቅፍ ነገር ሁሉ ሲታይም የሚያደናቅፍ ነው።

ጓደኛችን ያንኑ ማታ ጽሑፉን አስተካከለው። የመጨረሻው ይህ ነው፦

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በሲቪል ምህንድስና ተመረቅሁ። እናቴ ሮብ ገበያ ላይ በርበሬ ሸጣ ደብተር ገዛችልኝ፤ ይህ ቀን የእሷ ነው። አሊፍ ብለው ላስጀመሩኝ ኡስታዜም አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ዱዓችሁ አይለየኝ። 🎓🤲
#ሮብገበያ #ሲቪልምህንድስና2017

ሁለት ኢሞጂ፣ ሁለት ሃሽታግ። #ሮብገበያ የቀረው የአገሩ ልጆች፣ በተለይ ከእሱ ቀጥለው ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት፣ ሊጫኑት ስለሚችሉ ነው። ሁለተኛው የባቾቹ ነው፤ አጻጻፉ በግሩፕ የተላከ ነው፣ ሲጫኑት የሚያገኙት የክፍል ጓደኞቻቸውን ነው። ሁለቱም በሮች የሚከፍታቸው ሰው አላቸው። ስልኩ ረጅም ጽሑፍን ቆርጦ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ ቢያሳይም፣ የሚታየው ምስጋናውና እናቱ ናቸው፤ ሃሽታጉ ከታች ቢደበቅ ጉዳት የለውም፣ ተደብቆም ይሠራል።

«ብዙ ሃሽታግ ብዙ ሰው ያመጣል፣ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸው መናቅ የለበትም። ሥራ ፈላጊ ሰው መታየት ያስፈልገዋል። ኢንስታግራምም ቢሆን ለብዙ ዓመታት በአንድ ፖስት እስከ 30 ሃሽታግ ሲፈቅድ ነው የኖረው። መልሳችን፣ መታየት ከፈለግህ ለዚያ ሌላ ጽሑፍ ጻፍ ነው፤ ሙያህን፣ የሠራኸውን ፕሮጀክት ዘርዝረህ፣ ቀጣሪ በሚፈልግበት ቃል። ያ ማመልከቻ ነው፣ ይህ ምስጋና ነው፤ አንድ ወረቀት ላይ ሲጻፉ ሁለቱም ይበላሻሉ። በዚያ ላይ የተከፈተ በር መልካሙን ብቻ አያስገባም። አካውንቱ ክፍት ከሆነ ሃሽታግ የማያውቀንን ሰው ሁሉ ወደ ፎቷችን ያመጣል፤ የትውልድ ቦታ፣ ዩኒቨርሲቲና ዲፓርትመንት በአንድ ላይ ሲደረደሩ ደግሞ አንድን ሰው ፈልጎ ለማግኘት በቂ ናቸው። ፎቷቸው ያለ ፈቃዳቸው ሲዞር ያዩ እህቶቻችን ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። አንዳንዷ ሃሽታግ የሌለው ካፕሽን ትመርጣለች፤ እሷ ዘንድ ትክክለኛው ቁጥር ዜሮ ነው።

ጓደኛችን የተስተካከለውን ጽሑፍ በማግሥቱ ለእህቱ ደውሎ እንደገና እንድታነብ ጠየቃት። እናቱ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ። «በርበሬውን ደግሞ ለምን ነገርካቸው?» አሉት፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ነበር። እህቱ ወደ መጨረሻው መስመር ስትደርስ «አሁን ሃሽታግ መጣ፣ ሁለት ጊዜ» ብላ አስጠነቀቀቻቸው። «ይምጣ» አሉ እናቱ፣ «እኔ ቀድሜ ገብቻለሁ።»